ሮቶው ሞልቷል የሚለው መሣሪያ፦ የማሚቶን ጊዜ በኢንፑት ካፕቸር የለካንበት የድሬዳዋ ጉዳይ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ያለ አንድ ፔንሲዮን ጣሪያው ላይ 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አለው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ መጀመሪያ ምድር ላይ ያለው ማጠራቀሚያ ይሞላል። ከዚያ ፓምፕ ወደ ጣሪያው ይገፋዋል። ባለቤቷ ሁለት ነገር ፈለጉ። ሮቶው ሲሞላ ፓምፑ ራሱ እንዲጠፋ፣ ውሃው ሲያንስ ደግሞ ቦቴ ለመጥራት ጊዜ እንዲኖር ስልካቸው ላይ መልእክት እንዲገባ።

አንድ ባለሙያ ሠርቶ ገጠመላቸው። አርዱይኖ ናኖ የሚባል ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ሰሌዳ አለ። JSN-SR04T የሚባለው ውሃ የማይገባው የአልትራሳውንድ ሴንሰር ከሮቶው ክዳን ወደ ታች ያያል። መልእክት የሚልክ የጂ.ኤስ.ኤም ሞጁልም አለ። ለጥቂት ሳምንታት ሁሉም ደህና መሰለ። ከዚያ እንግዶች ሳሙና ተቀብተው ውሃ ይቋረጥባቸው ጀመር። መሣሪያው ግን ሮቶው ሞልቷል ብሎ ፓምፑን አጥፍቶታል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ማንም ውሃ ሳይጠቀም ሌሊቱን ከ100 ሊትር በላይ ጎደለ ይላል። ዘበኛው ሮቶውን በባትሪ ዞረው አዩት፤ አንድም የሚያንጠባጥብ ቦታ የለም። «ኧረ አቦ፣ ይሄ ነገር ውሃውን እያየው ነው ወይስ እየገመተ ነው?» አሉኝ ስመጣ።

ጥያቄያቸው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ይህ ሴንሰር ውሃውን አያየውም፣ ርቀትም አይለካም። የሚሰጠው ጊዜ ብቻ ነው። ትሪገር የሚባለው ፒኑ ላይ ቢያንስ የ10 ማይክሮ ሰከንድ ምት ሲሰጠው በ40 ኪሎ ኸርዝ አጭር የድምፅ ጩኸት ይለቃል። ኤኮ የሚባለውን ፒን ከፍ ያደርገዋል። ማሚቶው ከውሃው ገጽ ተመልሶ ሲደርሰው ፒኑን ዝቅ ያደርገዋል። ፒኑ ከፍ ብሎ የቆየበት ጊዜ ድምፁ ሄዶ የተመለሰበት ጊዜ ነው። ይህን ጊዜ በድምፅ ፍጥነት አባዝቶ ለሁለት መክፈል የእኛ ሥራ ነው። ስለዚህ የሚሳሳት ነገር ካለ ወይ ጊዜው ነው፣ ወይ ፍጥነቱ ነው። እዚህ ቤት ሁለቱም ተሳስተው ነበር። ሁለተኛው ስህተት ግን የመጀመሪያው እስኪስተካከል ድረስ ተሸፍኖ ነበር።

መጀመሪያ የሮቶውን ልክ ወሰድን። የውስጥ ስፋቱ ዳር እስከ ዳር 1.8 ሜትር ነው። ከሴንሰሩ እስከ ታች 2 ሜትር ነው። ስለዚህ ውሃው 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል 25 ሊትር ያህል ተጨመረ ማለት ነው። ይህ ቁጥር ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ስህተት ሁሉ በሊትር ለማየት ይረዳናል። ጠዋት በማለዳ፣ እንግዶች ሳይነቁ፣ የሮቶውን መውጫ ዘጋንና በብረት ሜትር ለካን። ከሴንሰሩ እስከ ውሃው ልክ 120 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ውሃው ዝም ብሎ ተኝቷል። መሣሪያውን በላፕቶፕ አገናኝተን የሚያነበውን ተራ በተራ አየን፦

```
119
119
102
119
85
119
119
33
```

የተኛ ውሃ እንዲህ አይዘልም። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሄደው ወደ አማካይ ነው፤ አሥር ጊዜ ለክቶ አማካዩን መውሰድ። ግን ቁጥሮቹን ደግማችሁ እዩ። ስህተቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ነው። ርቀቱ ያንሳል እንጂ አይበዛም። ወደ ሁለቱም ወገን የሚበተን ስህተት በአማካይ ይጣፋል። ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያዘነብል ስህተት ግን አማካዩን ይዞት ይሄዳል። ርቀቱ አነሰ ማለት ደግሞ ውሃው ከፍ አለ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ርቀቱ ከ40 ሴንቲ ሜትር ሲያንስ ፓምፑን ያጠፋል። ከላይ ያለው 33 አንድ ጊዜ ብቻ መጥቶ ፓምፑን ሊያቆም ይችላል። እንግዶቹን ውሃ ያሳጣቸው ይሄ ነው።

ሌላም ምልክት አለ። ከ119 እስከ 102 ድረስ 17 ነው። ከ102 እስከ 85 ድረስም 17 ነው። የዘፈቀደ ረብሻ በእኩል ደረጃ አይወርድም። ፕሮግራሙ ማይክሮ ሰከንዱን ለ58 ከፍሎ ሴንቲ ሜትር ያወጣል። 17ን በ58 ብታባዙ 986 ማይክሮ ሰከንድ፣ ማለትም 1 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ታዲያ በዚህ ሰሌዳ ላይ 1 ሚሊ ሰከንድ የሚፈጅ ነገር ምንድን ነው? በሰከንድ 9600 ቢት ፍጥነት የሚመጣ አንድ ፊደል። የጂ.ኤስ.ኤም ሞጁሉ የሚያወራው በዚህ ፍጥነት ነው።

ነገሩ ሲፈታ እንዲህ ሆነ። ናኖው ከላፕቶፕ ጋር የሚነጋገርበት አንድ ሃርድዌር ሲሪያል ብቻ አለው። ስለዚህ ሞጁሉ የተገናኘው `SoftwareSerial` በሚባለው ላይብረሪ ነው። ይህ ላይብረሪ አንድ ፊደል ሲመጣ ፕሮሰሰሩ የያዘውን ሥራ አቋርጦ ኢንተራፕት ውስጥ ይገባና ፊደሉ እስኪያልቅ ድረስ ቢት በቢት እየጠበቀ ያነባል። በዚያ 1 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ፕሮሰሰሩ ሌላ ነገር አይሠራም። ርቀቱን የሚለካው `pulseIn` ደግሞ ሰዓት አያይም። ፒኑ ከፍ እስካለ ድረስ በሉፕ እየዞረ ዙሩን ይቆጥራል፣ መጨረሻ ላይ ቁጥሩን ወደ ማይክሮ ሰከንድ ይለውጣል። ኢንተራፕቱ በመሃል ሲገባ ቆጠራው ይቆማል፣ ማሚቶው ግን አይቆምም። በመሃል የጠፋው ጊዜ ሳይቆጠር ይቀራል። አንድ ፊደል 17 ሴንቲ ሜትር ይበላል፣ ሁለት ፊደል 34። ፕሮግራሙ ደግሞ ርቀቱን ከመለካቱ ልክ በፊት የኔትወርክ ጥንካሬ ለማወቅ `AT+CSQ` ይልካል። መልሱ ፊደል በፊደል የሚደርሰው ማሚቶው በሚጠበቅበት ሰዓት ነው።

ይህ ግምት ሆኖ እንዳይቀር ሁለት ፈተና አደረግን። መጀመሪያ ከሞጁሉ ወደ ናኖው የሚመጣውን አንዷን ሽቦ ብቻ ነቀልን። ሞጁሉ እንደበራ ነው፣ ከፓወር ሰፕላዩም የሚወስደውን ይወስዳል። መዝለሉ ወዲያው ቆመ፤ 119፣ 119፣ 119። ይህ ሌላውን ጥርጣሬም ዘጋ። የጂ.ኤስ.ኤም ሞጁል ሲልክ ለቅጽበት እስከ 2 አምፔር ሊስብ ስለሚችል የመጀመሪያው ሐሳባችን ቮልቴጁ እየወደቀ ነው የሚል ነበር። ሽቦዋን መልሰን ሰካን፣ የ`AT+CSQ` መስመርም ከፕሮግራሙ አወጣን። አሁንም ጥሩ። ከዚያ ዘበኛውን «ጋሼ፣ እስቲ በዚህ ቁጥር ይደውሉ» አልኳቸው። ስልኩ ሲጠራ ሞጁሉ ሳይጠየቅ `RING` ብሎ ይጽፋል። እሳቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዘው ቆመው ሳለ ስክሪኑ ላይ 119 የነበረው 85 ሆነ፣ ተመለሰ፣ እንደገና 102 ሆነ። ዘግተው ሲደውሉ ደግሞም መጣ።

የ`RING` ፈተና መፍትሔውንም ወሰነው። ቢሆንማ ቀላሉ መንገድ ጥያቄውን ልኮ፣ መልሱ እስኪያልቅ ጠብቆ፣ ከዚያ መለካት ነው። ግን ሞጁሉ ሲደወልና መልእክት ሲገባ ማንንም ሳያስፈቅድ ይጽፋል። ሞጁሉን ወደ ሃርድዌር ሲሪያሉ ማዛወርም ችግሩን ያቃልለዋል። የሃርድዌር ሲሪያል ኢንተራፕት የሚፈጀው ጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ነው። ያኔ ግን ላፕቶፕ ሰክቶ ማየት አይቻልም። ጣሪያ ላይ ያለ መሣሪያን ሳያዩ መጠገን ደግሞ መከራ ነው። እኔ የመረጥኩት ጊዜውን ከፕሮግራሙ እጅ አውጥቶ ለሃርድዌሩ መስጠትን ነው።

ናኖው ላይ ያለው ኤቲሜጋ328ፒ ታይመር 1 የሚባል ባለ 16 ቢት ቆጣሪ አለው። ኢንፑት ካፕቸር የዚህ ቆጣሪ አንድ ችሎታ ነው። ፒን 8 ላይ ሲግናሉ ሲነሳ ወይም ሲወድቅ ቆጣሪው በዚያች ቅጽበት ያለበት ቁጥር `ICR1` ወደሚባል ሬጅስተር ራሱ ይገለበጣል። ይህን የሚያደርገው ሽቦውና ትራንዚስተሩ ነው፤ ፕሮግራሙ ምንም ቢሠራ ግድ የለውም። ኢንተራፕቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ የተጻፈውን ለማንበብ ብቻ። ፕሮሰሰሩ የሞጁሉን ፊደል እያነበበ 1 ሚሊ ሰከንድ ቢዘገይም ቁጥሩ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቀዋል። በሩጫ ውድድር የመጨረሻዋ መስመር ላይ እንዳለች ካሜራ ነው፤ ዳኛው ፎቶውን ዘግይቶ ቢያየውም ሰዓቱ አይለወጥም።

ብዙዎች `pulseIn`ን ትተው ሲግናሉ ሲነሳና ሲወድቅ በተራ የፒን ኢንተራፕት ገብተው `micros()` ያነባሉ። ያ መንገድ እዚህ አያድነንም። ሰዓቱ የሚነበበው ኢንተራፕቱ ሲጀምር ነውና የ1 ሚሊ ሰከንዱ መዘግየት አብሮት ይገባል። እንዲያውም አሁን ርቀቱ አንዳንዴ ያንሳል፣ አንዳንዴ ይበዛል። ለመመርመር ያስቸግራል።

ኤኮ ፒኑን ወደ ፒን 8 አዛወርን። ሞጁሉ ያንን ፒን ይዞ ስለነበር ወደ ሌላ ሄደ። የገባው ኮድ ይሄ ነው፦

```c
volatile uint16_t t_up, width;
volatile uint8_t  done;

void capture_init(void) {
  TCCR1A = 0;
  TCCR1B = (1<<ICNC1)|(1<<ICES1)|(1<<CS11)|(1<<CS10);
  TIFR1  = (1<<ICF1);
  TIMSK1 = (1<<ICIE1);
}

ISR(TIMER1_CAPT_vect) {
  uint16_t t = ICR1;
  if (TCCR1B & (1<<ICES1)) {
    t_up = t;
    TCCR1B &= ~(1<<ICES1);
  } else {
    width = t - t_up;
    done = 1;
    TCCR1B |= (1<<ICES1);
  }
  TIFR1 = (1<<ICF1);
}
```

`ICES1` የትኛውን እንደምንጠብቅ ይወስናል። 1 ከሆነ ሲግናሉ ሲነሳ፣ 0 ከሆነ ሲወድቅ። ስለዚህ ሲነሳ ቁጥሩን እንይዝና መጠበቁን ወደ መውደቅ እንገለብጠዋለን። ሲወድቅ ሁለቱን እንቀንሳለን። ቆጣሪው በመሃል ከ65,535 ወደ 0 ቢዞር እንኳ ምልክት በሌለው ባለ 16 ቢት መቀነስ ውጤቱ ትክክል ይመጣል። ስፋቱ አንድ ሙሉ ዙር እስካልሞላ ድረስ ማለቴ ነው። ወደዚህ እንመለሳለን።

የመጀመሪያው መስመር፣ `TCCR1A = 0`፣ ትርፍ ይመስላል። አይደለም። አርዱይኖ ሲነሳ ታይመር 1ን ለ`analogWrite` ብሎ ባለ 8 ቢት ፒ.ደብልዩ.ኤም ላይ ያስቀምጠዋል። በዚያ ሁኔታ ቆጣሪው እስከ 255 ወጥቶ ተመልሶ ይወርዳል። ያንን ሳያጠፉ ካፕቸር የሚጀምሩ ሰዎች የሚያገኙት ቁጥር ወይ ከ255 በታች ነው፣ ወይ ከ65,280 በላይ። በመሃል ምንም የለም። ይህን ያየ ሰው ሴንሰሩን መቀየር የለበትም፣ ይህችን መስመር ይጻፍ።

የመጨረሻው መስመርም እንዲሁ ነው። ከመነሳት ወደ መውደቅ ስንገለብጥ ሃርድዌሩ በራሱ ግልበጣው ምክንያት የካፕቸር ምልክቱን ሊያነሳ ይችላል። የአምራቹ ሰነድ ከግልበጣ በኋላ `ICF1`ን አጥፉ ይላል። የሚጠፋው ደግሞ 1 በመጻፍ ነው። ካልጠፋ ኢንተራፕቱ ወዲያው ደግሞ ይገባና ስፋቱ ዜሮ አካባቢ ይወጣል። ርቀቱ ዜሮ ሲሆን ሮቶው ሞልቷል፤ ፓምፑ ጠፋ። ያው እንግዶቹ ላይ ይደርሳል።

አሁን ወደ ቆጣሪው ዙር። የናኖው ሰዓት 16 ሜጋ ኸርዝ ነው። ይህን ሰዓት አካፍሎ ለቆጣሪው የሚሰጠውን ፕሪስኬለር 8 ብናደርገው እያንዳንዱ ቆጠራ ግማሽ ማይክሮ ሰከንድ ይሆናል። በርቀት ሲታሰብ ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያነሰ ነው። ያጓጓል። ግን ቆጣሪው በ32.8 ሚሊ ሰከንድ አንድ ዙር ይጨርሳል። ማሚቶ ጭራሽ ካልመጣ ሴንሰሩ ኤኮ ፒኑን ለተወሰነ ጊዜ ከፍ አድርጎ ይጠብቅና ራሱ ያወርደዋል። የዚህ ዘር የሆነው HC-SR04 ላይ ጥበቃው ብዙ ጊዜ 38 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ከ38 ላይ 32.8 ቢቀነስ 5.2 ሚሊ ሰከንድ ይቀራል። ለ58 ሲከፈል 90 ሴንቲ ሜትር። እዩት እንግዲህ፤ ማሚቶ የለም፣ መሣሪያው ግን 90 ሴንቲ ሜትር ብሎ ፍጹም የሚታመን ቁጥር ይሰጣል። ለእኔ ከሁሉም የከፋው ስህተት እንዲህ ያለው ነው፤ እውነት የሚመስለው።

ዙሩን በኦቨርፍሎው ኢንተራፕት መቁጠር ይቻላል። እኔ ግን ፕሪስኬለሩን 64 አደረግሁት፣ ኮዱ ላይ `CS11` እና `CS10` አንድ ላይ የሆኑት ለዚህ ነው። አሁን አንድ ቆጠራ 4 ማይክሮ ሰከንድ ነው። አንድ ዙር 262 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። 38ቱም ሆነ ከዚያ የረዘመው ጥበቃ ሙሉ በሙሉ ውስጡ ይገባል። ስፋቱ ከ12 ሚሊ ሰከንድ ካለፈ ከሮቶው ጥልቀት በላይ ነውና ማሚቶ አልመጣም ብለን እንጥለዋለን። የጠፋብን ጥራትስ? 4 ማይክሮ ሰከንድ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። በ40 ኪሎ ኸርዝ አንድ የድምፅ ሞገድ 25 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጃል። ሴንሰሩ ማሚቶውን ሲያውቅ አንድ ሞገድ ቢያመልጠው ብቻ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ይሳሳታል። ከሴንሰሩ በላይ የጠራ ሰዓት ትርፉ ድካም ነው።

ከእያንዳንዱ ልኬት በፊት `ICES1`ን መልሶ 1 ማድረግም ያስፈልጋል። ያለፈው ልኬት መሃል ላይ ተቋርጦ ከሆነ ተራው ይዛባልና። በሁለት ልኬት መካከል ቢያንስ 60 ሚሊ ሰከንድ ይጠበቃል፤ የቀደመው ማሚቶ ሮቶው ውስጥ እየተንከባለለ ለሚቀጥለው እንዳይደርስ።

ይህ ሁሉ ከገባ በኋላ `AT+CSQ`ን መለስነው። ዘበኛውም ደወሉ። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ንቅንቅ አላለም። አንድ ሊታወቅ የሚገባው ወሰን አለ። ሲነሳ የያዝነውን አንብበን ወደ መውደቅ እስክንገለብጥ ፕሮሰሰሩ ነፃ መሆን አለበት። ምቱ ከ1 ሚሊ ሰከንድ ያጠረ ከሆነና ልክ ሲነሳ ፊደል ከገባ መውደቁ ያመልጠናል። ይህ ሴንሰር ከ25 ሴንቲ ሜትር ገደማ በታች ቀድሞውንም አያይም። የ25 ሴንቲ ሜትር ማሚቶ 1.4 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃልና እዚህ አላሰጋንም። በጣም ቅርብ ነገር ለሚለካ ሰው ግን ያሰጋዋል።

ቁጥሩ ሲረጋ ሁለተኛው ችግር ራሱን አሳየ። በፊት ቁጥሩ በ17 እየዘለለ 5 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ዝግታ ያለው ለውጥ ማን ያያል? መውጫውን ዘግተን ውሃውን ቀኑን ሙሉ ተውነው። ሜትሩ ጠዋትም ከሰዓትም 120 ይላል። መሣሪያው ግን ማለዳ 119፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ 114 አለ። 5 ሴንቲ ሜትር፣ 125 ሊትር። ፀሐይዋ ስትገባ ቀስ እያለ ወደ 119 ተመለሰ። ዘበኛው ሌሊት ሌሊት ሲፈልጉት የነበረው ፍሳሽ ይሄ ነው። ውሃው አልጎደለም። ቀን የተጨመረ የመሰለው ሌሊት እየተመለሰ ነበር።

ድምፅ በሞቃት አየር ውስጥ ይፈጥናል። በሜትር በሰከንድ ሲሰላ 331.3 ሲደመር 0.606 በዲግሪ ሴልሺየስ ተባዝቶ ነው። ለ58 መክፈል ማለት ደግሞ ፍጥነቱ ሁልጊዜ 345 አካባቢ ነው ብሎ መወሰን ነው። ያ የ22 ወይም የ23 ዲግሪ አየር ነው። የድሬዳዋ ጣሪያ ላይ፣ ያውም ተዘግቶ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ሮቶ ውስጥ፣ ከውሃው በላይ ያለው አየር 45 ደረሰ። ማለዳ 24 ነበር። በ24 ዲግሪ ፍጥነቱ 345.8 ነው። በ45 ደግሞ 358.6። ለ120 ሴንቲ ሜትር ይህ ልዩነት ብቻውን ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ያሳስታል። በነገራችን ላይ የቦታው ከፍታ እዚህ ውስጥ የለበትም። ይኸው መሣሪያ ሐረር ቢወጣ የሚለየው አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ነው እንጂ ስለሚሳሳ አይደለም። የድምፅ ፍጥነት የሙቀት እንጂ የግፊት ጉዳይ አይደለም።

ስለዚህ DS18B20 የሚባለውን ባለ ሽቦ የሙቀት ሴንሰር ከክዳኑ ወደ ታች አንጠለጠልን። ውሃው ውስጥ መግባት የለበትም። የምንፈልገው ድምፁ የሚያልፍበትን አየር ሙቀት ነው። ክዳኑ ሥር መለጠፍም አይሆንም። እዚያ አየሩ ይፈላል፣ ውሃው አጠገብ ግን ይቀዘቅዛል። መሃል ላይ ማንጠልጠል ነው የሚሻለው። 5 ዲግሪ ብንሳሳት 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚያዛባን። ስሌቱ እንዲህ ሆነ፦

```c
float v  = 331.3 + 0.606 * temp_c;
float cm = width * v * 0.0002;
```

0.0002 የመጣው ከ4 ማይክሮ ሰከንዱ፣ ሜትርን ወደ ሴንቲ ሜትር ከመለወጥና ለሁለት ከመክፈል ነው። ለምሳሌ አየሩ 32 ዲግሪ ሆኖ ካፕቸሩ 1,711 ቢቆጥር ፍጥነቱ 350.7፣ ርቀቱ 120 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። ያንኑ 1,711 ቆጠራ በድሮው መንገድ ለ58 ብንከፍለው 118 ይል ነበር።

ከእርማቱ በኋላ በነጋታው ማለዳ 119 ተኩል ገደማ፣ ከሰዓት 118 ገደማ አነበብን። 5 ሴንቲ ሜትር የነበረው ወደ 1 ተኩል ወረደ እንጂ አልጠፋም። የቀረው በአብዛኛው እርጥበት ነው። የተዘጋ ሮቶ ውስጥ አየሩ በውሃ ተን የተሞላ ነው። እርጥብ አየር ከደረቅ አየር ይቀላል፣ ድምፅም በውስጡ ትንሽ ይፈጥናል። አየሩ በሞቀ ቁጥር ብዙ ተን ይይዛልና ከሰዓት ልዩነቱ ይጎላል። የእርጥበት ሴንሰር መጨመር ይቻል ነበር። እንዲህ ያለ ሴንሰር ግን ተን በሞላበት ሮቶ ውስጥ ብዙ አይቆይም። ባለቤቷን ጠየቅኋቸው። «40 ሊትር ለእኔ ምኔ ነው? ባዶ ሆኖ ሙሉ ነው አይበለኝ እንጂ» አሉ። እኔም በዚያ ተስማማሁ።

ፓምፑን የማጥፋቱ ውሳኔም ተቀየረ። አንድ ቁጥር ብቻ አያጠፋውም። አምስት ልኬት ይወሰድና በቅደም ተከተል ተደርድረው መካከለኛው ይታያል። ከ12 ሚሊ ሰከንድ ያለፉት አስቀድመው ይጣላሉ። ይህ አሁን የሚሠራው ጊዜው በትክክል ስለሚያዝ ነው። የቀረው ብልሽት አልፎ አልፎ የሚመጣ ነው፣ ለምሳሌ ፓምፑ ሲሞላ የሚፈጥረው ማዕበል። በፊት በነበረው ሁኔታ፣ የሞጁሉ መልስ በብዙ ልኬት ላይ ከወደቀ፣ መካከለኛውም ራሱ ከተሳሳቱት አንዱ ሊሆን ይችል ነበር። ሴንሰሩንም ውሃ ከሚወርድበት ቧንቧ አርቀን ገጠምነው። ድምፁ ወደ ታች እየሰፋ ስለሚሄድ ቧንቧው አጠገብ ከሆነ የሚመልስለት ውሃው ሳይሆን ቧንቧው ነው።

ባለቤቷ አሁን ሌላ ነገር እያሰቡ ነው። ውሃ ሲያንስ የአንዳንድ ክፍሎችን መስመር ራሱ የሚዘጋ ቫልቭ። መጀመሪያ ያመጡት ሐሳብ በሰርቮ ሞተር የሚዞር ነበር። አርዱይኖ ላይ የተለመደው `Servo` ላይብረሪ ግን ናኖ ላይ ታይመር 1ን ለራሱ ይወስደዋል። ሁለቱ አብረው ከገቡ የቆጣሪው ፍጥነት ይቀየርና ርቀቱ ሁሉ ይበላሻል፣ ሴንሰሩ ግን ምንም አልሆነም። ፒን 9 እና 10 ላይ `analogWrite` መጠቀምም እንዲሁ ከዚሁ ታይመር ጋር ያጋጫል። ስለዚህ በሪሌይ የሚከፈትና የሚዘጋ ባለ ኮይል ቫልቭ እንዲገዙ ነገርኳቸው። እሱ የሚፈልገው አንድ ተራ ፒን ብቻ ነው።